የሞቱማ ጃራ አንድ ገጽ

በሰበታ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የምትሠራው ጸሐፊ የሺወርቅ፣ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ማየት አትወድም ነበር። አለመውደድ ብቻ አይደለም፣ ያማታል። ውል ስትጽፍ መስመሩ መሃል ላይ ካለቀ የቀረውን እስከ ጠርዙ ድረስ በሰረዝ ትሞላዋለች። ማመልከቻ ስትጽፍ ከላይ ሁለት ጣት፣ ከታች አንድ ጣት ብቻ ትተዋለች፤ እሱንም ማኅተም ስለሚያርፍበት እንጂ ወድዳ አይደለም። ደንበኞቿም ይህንኑ ይወዱላታል። «የየሺወርቅ ወረቀት ዝንብ ማረፊያ የለውም» ይላሉ፤ ይህ በሰበታ ትልቅ ምስጋና ነው።

ምክንያት ነበራት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባሏ ለሞተባት አንዲት ሴት የመሬት ሽያጭ ውል ጽፋ ነበር። አንደኛው መስመር አጋማሹ ላይ አለቀ፤ እሷም እንዲሁ ተወችው። ፊርማው ካለቀ በኋላ አንድ ያልታወቀ እጅ በሌላ የጽሕፈት መኪና «ከነባሕር ዛፉ» የሚል ቃል ጨመረበት። ሴትዮዋ መሬቷን ልትሸጥ ሄዳ ሁለት መቶ እግር ባሕር ዛፏን አብራ ሰጥታ ተመለሰች። ዳኛው ወረቀቱን እንጂ እንባዋን አላየም። የሺወርቅ ሴትዮዋን ገበያ ላይ ባየቻት ቁጥር መንገድ ትቀይራለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዶ መስመር ከእጇ አምልጦ አያውቅም።

በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሞቱማ ጃራ ጭቃውን ከጫማው እያራገፈ ገባ። የሺወርቅ ከልጅነቱ ታውቀዋለች። የኦቦ ጃራ አንድ ልጅ ነው፤ በዚያው ወር ከዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ በሲቪል መሐንዲስነት ተመርቋል። በብብቱ የያዘው ማኅደር ሊፈነዳ ደርሷል።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እትዬ? እባክሽ የእንግሊዝኛዋን መኪና አውጪልኝ» አለ።

የሺወርቅ ሁለት መኪና አላት። አማርኛዋ ዳቦዋ ናት። እንግሊዝኛዋን ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ስትወጣ ነው የገዛቻት፤ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ትቀመጥና ፋብሪካው ደብዳቤ ሲኖረው ብቻ ትነሣለች።

ሞቱማ ከጋዜጣ የቆረጠውን ማስታወቂያ ዘረጋላት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የአማካሪ መሐንዲሶች ቢሮ ለሱሉልታ የውሃ ሥራው አንድ ጀማሪ መሐንዲስ ይፈልጋል። የትምህርትና የሥራ ታሪክ የሚገልጽ ካሪኩለም ቪቴ በእንግሊዝኛ፣ በመኪና ተጽፎ፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ፣ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ። ከአንድ ገጽ ከበለጠ አይታይም ይላል፤ «አይታይም» የሚለው ሥር ሞቱማ በእርሳስ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

«ሌሎቹስ?» አለች የሺወርቅ።

«ገና ሳልመረቅ ለሁለት ቢሮ ሦስት ሦስት ገጽ ላክሁ። መልስ የለም። አንደኛው ቢሮ የሚሠራ ጓደኛዬ ጠይቆልኝ ነበር፤ ‹ሁለተኛውን ገጽ ማንም አልገለጠውም› አሉት።» ዝቅ ብሎ ጫማውን አየ። «ዘንድሮ ለጀማሪ የወጣ ሌላ ቦታ የለም እትዬ። ይኼ ካመለጠኝ ለከርሞ ነው። ለከርሞ ደግሞ አዲስ ተመራቂ ይመጣል።»

ማኅደሩ ውስጥ ያልነበረ ነገር የለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማረባቸው ትምህርት ቤቶች፣ የክፍል አለቃነቱ፣ የእግር ኳስ ቡድኑ፣ ፋኩልቲው ውስጥ የወሰዳቸው ሠላሳ ስምንት ትምህርቶች ከነስማቸው፣ የሚያውቃቸው የቅየሳ መሣሪያዎች፣ የአምስት ምስክሮች ስምና አድራሻ። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል፤ ሞቱማን ግን ገበያ አውጥተውት ነበር።

«የቱ ይቅር?» አለችው።

«ምንም አይቅር። አንቺ የማታስገቢው ነገር አለ እንዴ? ዝንብ ማረፊያ አይገኝም ይሉሻል።»

ሙገሳ ማንን ይጠላል? የሺወርቅ መነጽሯን ጠረገችና ጀመረች። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ሰባ መስመር ይይዛል፤ መኪናዋ በአንድ ኢንች አሥራ ሁለት ፊደል ትመታለች። እሷም ጠርዙን ግማሽ ኢንች ድረስ ገፋችው፤ ስልሳ ስድስት መስመር፣ በየመስመሩ ዘጠና ፊደል አስገባች። አርእስት ለብቻው መስመር አልተሰጠውም፤ ሁሉም እንደ አቤቱታ ተያይዞ ወረደ። መስመር ሲጎድል በሰረዝ ሞላችው። ከሰዓት በኋላ ሲያልቅ ከማኅደሩ የቀረ አንድም ነገር አልነበረም። ሞቱማ በሁለት እጁ ይዞ አየው፤ ፊቱ በራ።

«ገለቶማ እትዬ! ነገ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ አመስግኖ ሄደ። ዝናብ ስለነበረ ወረቀቱን እሷ ዘንድ ተወው። የቀረው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ዝናብ ነው።

ረቡዕ ማለዳ አቶ ዳኜ መጣ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሠራተኛ ክፍል ጸሐፊ ነው፤ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ሲመጣ ቢሮው ያልጨረሰውን ሥራ ይዞ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። የዚያን ቀን የያዘው ለመካኒክነት የተጻፉ ማመልከቻዎች ክምር ነበር። የሺወርቅ ደብዳቤውን እየመታች በዓይኗ ጥግ ታየዋለች። አንዱን ያነሣል፤ ከላይ ያያል፤ ዓይኑ በግራ ጠርዝ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ ወይ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ ያስቀምጣል። አንዱን ወረቀት ለማየት የሚፈጅበት ጊዜ ሲጋራ ከመለኮስ አይበልጥም።

እጇ ከመኪናው ላይ ተነሣ። አሥራ ሁለት ዓመት ስትጽፍ፣ ሰው የጻፈችውን እንዴት እንደሚያነብ ተቀምጣ አይታ አታውቅም ነበር። ውል የሚያነብ ሰው ጠላት ነው፤ ቀዳዳ ፍለጋ እያንዳንዱን ቃል ያነባል። ይኼ ሰው ግን ጠላትም ወዳጅም አይደለም። ክምሩን መጨረስ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የሞቱማን ገጽ ከመሳቢያ አወጣችና ምንም ሳትናገር ክምሩ መሃል አስገባችው።

አቶ ዳኜ ጥቂት ቆይቶ ደረሰበት። አነሣው። ከላይ አየ። ዓይኑ በግራ በኩል ሊወርድ ሞከረ፤ የሚይዘው ነገር አጣ። ወረቀቱን ከፊቱ ራቅ አደረገው።

«ይኼ ሰው ምን ተከሶ ነው?» አለ።

«ካሪኩለም ቪቴ ነው። አንብበው እስቲ።»

«የይግባኝ ወረቀት መስሎኝ ነው።» ጥቂት ታገለ። «ይኼማ የኦቦ ጃራ ልጅ ነው። መሐንዲስ... አይደል? ደግሞ ኳስ ይጫወታል።»

«ድልድይ ሠርቷልስ ይላል?»

«የት?»

የሺወርቅ ተነሥታ አሳየችው። አርባ አንደኛው መስመር ላይ፣ በክፍል አለቃነቱና በእግር ኳሱ መሃል ተጨፍልቆ ነበር። አቶ ዳኜ ድልድዩን ያውቀዋል፤ ማን የማያውቀው አለ? ሞቱማ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ በክረምት ዕረፍቱ በመንደሩ ወንዝ ላይ ነው የሠራው። ጎርፉ በዛፎቹ ግንድ ላይ ትቶት የሄደውን ጭቃ በሜትር እየለካ፣ ወንዙ ምን ያህል እንደሚሞላ አሰላ። የመንደሩ ሰው ድንጋይ ተሸከመ፤ በሁለቱም ዳር ግንብ ተሠራ፤ ከተጣለ የጭነት መኪና ሁለት የሻንሲ ብረት አምጥቶ የወንዙን ዘጠኝ ሜትር ስፋት አሻገረው፤ በላዩ ሳንቃ ተመታበት። እነሆ ሁለት ክረምት ቆሞ፣ ሦስተኛውን ይዟል። ድሮ ወንዙ ሲሞላ ገበያ የሚቀር ሰው ዛሬ እህሉን በአህያ ጭኖ ይሻገርበታል።

«ይኼንን ሰው ቀብራችሁት እኮ ነው» አለ አቶ ዳኜ። ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ ክምሩን ሰብስቦ ሄደ።

ሞቱማ ገጹን ሊወስድ ሲመጣ የሺወርቅ አልሰጠችውም።

«ትናንት አበላሽቼብሃለሁ» አለች። ነገሩ ከአፏ ሲወጣ አመማት፤ ሥራዬ ተበላሸ ማለት ያልለመደችው ነገር ነው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሞቱማ መጀመሪያ ሳቀ፤ «ምን ተከሶ ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ ጠፋ።

«እና ምን ይሻላል?»

«ግማሹን እንጥላለን።»

ጣሉ። የጣሉትም በንዴት ነበር፤ በንዴት የሚጣል ነገር ደግሞ ልክ የለውም። የአንደኛ ደረጃው ሄደ፣ ትምህርቶቹ ሄዱ፣ መሣሪያዎቹ ሄዱ፣ ምስክሮቹ ሁሉ ሄዱ፤ ድልድዩ እንኳ «የእግረኛ ድልድይ ሠርቷል» በምትል አንዲት መስመር ቀረ። የሺወርቅ በየመስመሩ መሃል አንድ ባዶ መስመር እየዘለለች መታችው። ሃያ ሁለት መስመር ሆኖ አለቀ። የገጹ ታች ሲታይ ገና ሰው ያልሰፈረበት ሜዳ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሞቱማ ከአባቱ ጋር መጣ። ኦቦ ጃራ ፊደል አይለዩም፤ ልጃቸው ግን ወደ ሹመት ሊሄድ ሲል ወረቀቱን ሳያዩ አይቀሩም። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ገጹን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩት።

«የት ሄደ?» አሉ።

«ምኑ አባባ?» አለ ሞቱማ።

«አሥራ ስድስት ዓመት ተምረሃል። የት ሄደ? ይኼ ሁሉ ጦም ያደረ መሬት ነው። ይኼን ያህል ጦም የሚያሳድር ሰው ሰነፍ ነው ይባላል።»

የሺወርቅ የመጀመሪያውን ገጽ አውጥታ ሰጠቻቸው። «ይኼኛውስ ይሻል ነበር አንቱ?»

አጎንብሰው አዩት። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። «ይኼ ደግሞ ወሰን የለውም» አሉ በመጨረሻ። «የትኛው የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ስሚ የሺ፤ የእኔ ማሳና የጎረቤቴ የደገፋ ማሳ መሃል ያልታረሰች ቀጭን መሬት አለች። አንድ እርምጃ ብትሆን ነው። እሱም አያርሳት፣ እኔም አላርሳት። ማንም ባከነች አይልም። እሷ ባትኖር ግን በየዓመቱ ዳኛ ፊት ነበርን።»

የሺወርቅ ገጾቹን ከእጃቸው ተቀበለች። አሥራ ሁለት ዓመት በሰሜን ከእገሌ፣ በምሥራቅ ከእገሌ እያለች ስለ ወሰን ስትጽፍ ኖራለች። ወሰን ባዶ ቦታ መሆኑን አስባው አታውቅም። አፈረችም፣ ደስም አላት፤ የቱ እንደሚበልጥ አላወቀችም።

«ቶሌ፣ እሺ» አለች፤ «አንቱ ቁጭ በሉ። ሞቱማ፣ ከሣጥኑ ንጹሕ ወረቀት አውጣልኝ።» በሣጥኑ ከጥሩው ወረቀት የቀረው ሦስት ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ ግን ከመኪናው በፊት እርሳስ አነሣች። ከላይ ስድስት መስመር፣ ከታች ስድስት መስመር ጠርዝ ሰጠችና የቀራትን ቆጠረች፤ ኀምሳ ስምንት። በግራም በቀኝም አንድ ኢንች አስመረች። ቀጥሎ ገጹን በቁመት ለሁለት ከፈለችው፤ በግራ በኩል ለዓመተ ምሕረት ብቻ ጠባብ ዓምድ፣ በቀኝ በኩል ስልሳ ፊደል የሚይዝ ሰፊ ዓምድ። የአቶ ዳኜ ዓይን በየት በኩል እንደወረደ አልረሳችም። የመኪናዋን ታቡሌተር ሰፊው ዓምድ በሚጀምርበት ላይ አሰረችው፤ አንዴ ሲነካ ሠረገላው ዘሎ እዚያው ይቆማል፤ መስመሮቹም በአንድ ገመድ እንደተወጠሩ ይሆናሉ።

«እያንዳንዱ አርእስት በትልቁ ፊደል ይመታና ይሰመርበታል» አለች። «ከአርእስቱ በላይ አንድ ባዶ መስመር። ከአርእስቱ በታች ባዶ የለም፤ ከልጆቹ አይለይም።»

«ከትምህርቱ መጀመሪያ የሚጻፈው የቱ ነው?» አለ ሞቱማ። አሁን እሱም ወንበሩን አስጠግቷል።

«የኋለኛው። ዲግሪህ ከላይ፣ ሁለተኛ ደረጃህ በአንድ መስመር ከሥሩ። ከዚያ በታች ያለው ይቀራል፤ መሐንዲስ የሆነ ሰው ማንበብ መቻሉን ማን ይጠይቃል?»

«መናገሻ ያለው ትምህርት ቤት ይቀራል?» አሉ ኦቦ ጃራ። «በየቀኑ በእግሩ ሁለት ሰዓት ሄዶ ነው የተማረው!»

«ይቀራል አባባ» አለ ሞቱማ። ይኼን ራሱ መናገሩ የሺወርቅን ገረማት። አባትየው አኮረፉ፤ ወደ ወፍጮ ቤቱ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ።

ሠላሳ ስምንቱ ትምህርቶች በስድስት ተጠቃለሉ፤ ለውሃ ሥራ የሚጠቅሙት ብቻ ቀሩ። ከአምስቱ ምስክሮች ሁለቱ ቀሩ፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የቅየሳ መሣሪያዎቹ፣ የኮንክሪት ቅይጡና ንድፉ «የሙያ ችሎታ» በሚለው ሥር ሦስት መስመር ወሰዱ። ቋንቋ አንድ መስመር፤ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ። ኳሱን ሞቱማ እንደ ጥርስ ሕመም ዓይኑን ጨፍኖ ነቀለው።

ድልድዩ ግን ከትምህርቱ ቀጥሎ፣ ከገጹ ግማሽ በላይ፣ «ተግባራዊ ሥራ» በሚል አርእስት መጀመሪያ ላይ መጣ። አራት መስመር ተሰጠው። ሞቱማ «ጠንካራና ጠቃሚ ድልድይ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ የሺወርቅ ሰረዘችው።

«‹ጠንካራ› ውል አይሆንም። ልኩን ንገረኝ።»

«ዘጠኝ ሜትር። የጎርፉ ከፍታ ከዛፎች ግንድ ላይ ተለክቶ የተሰላ። ሁለት ክረምት ያለፈ።»

«እንዲህ አትልም ኖሯል!»

እርሳሱ ሲያልቅ ቆጠሩ። አርባ አራት መስመር ጽሑፍ፣ አሥራ አራት መስመር ባዶ። ከዚያ የሺወርቅ ንጹሑን ወረቀት መኪናዋ ላይ ሰካች። ስሙን በትልልቁ ፊደል፣ በየፊደሉ መሃል አንድ አንድ እየዘለለች፣ ቆጥራ ለሁለት ከፍላ ከመሃል አሳረፈችው። የመጀመሪያው ወረቀት ሠላሳኛው መስመር ላይ ተሳሳተባት፤ ቀደደችው። የእንዲህ ዓይነት ወረቀት ስሕተት በላስቲክ ቢፋቅም ጠባሳው ይታያል። በሁለተኛው ወረቀት ግን እጇ አልሳተም። ባዶ መስመር ላይ በደረሰች ቁጥር ጣቷ ሳታውቀው ወደ ሰረዙ ይሄድ ነበር፤ አሥራ አራት ጊዜ መለሰችው።

ስታወጣው ኦቦ ጃራ ኩርፊያቸውን ረስተው ዞሩ። ገጹን ተቀብለው አዩት። አሁን ማሳው ሞልቷል፣ ወሰኑም ይታያል። ሞቱማ ጠጋ ብሎ የአባቱን ጣት ያዘና ከላይ፣ መሃል ላይ፣ ሁለተኛው ቃል ላይ አሳረፈው።

«ይኼ ጃራ ነው አባባ። አንተ ነህ።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ከዚያ ቃል ላይ ቶሎ አላነሡም። ስለ መናገሻው ትምህርት ቤት ግን ዳግመኛ አላነሡም።

ዓርብ ሞቱማ በመጀመሪያው አውቶቡስ አዲስ አበባ ገብቶ ወረቀቱን በእጁ አስረከበ። የሺወርቅ ሥራዋን ቀጠለች፤ ውሎቿንም እንደ ወትሮዋ በሰረዝ ሞላቻቸው፤ ውል ውል ነው። ልቧ ግን ዕረፍት አጣ። ያንን ሁሉ ባዶ ቦታ ይዞ ብቻውን የሄደ ወረቀት ታያት ነበር። ሰኞ አለፈ። ማክሰኞም አለፈ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁበት» አለች ለራሷ፤ ደግሞም አመነችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሞቱማ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱን ልታነብ ሞከረች፤ ሮጦ መጥቶ ነበርና ከትንፋሽ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ከደረት ኪሱ አጥፎ የያዘውን ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው።

ገጹ ነው። ያው የእሷ ገጽ። ከዳር እስከ ዳር ግን ቀይ እርሳስ አርፎበታል።

የሺወርቅ ከወንበሯ ተነሣች። «ቃል ጨምረውበታል» አለች።

«አንብቢው እትዬ።»

መነጽሯን ፈለገች፤ ግንባሯ ላይ ነበር። ድልድዩ አጠገብ፣ በግራው ጠርዝ፣ አንድ ፈጣን እጅ በአማርኛ «የጎርፉን ከፍታ ከዛፍ ላይ? ይህን ልጅ ጥሩልኝ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ፣ ከምስክሮቹ በታች ባለው ባዶ ስፍራ፣ ያው እጅ ቀስ ብሎ መርቶታል፦ «ለሱሉልታው ሥራ ኃላፊ፦ ከሰኞ ጀምሮ ይቀጠር። አሥራት።» ከዚያ ፊርማ፣ ከዚያ ማኅተም።

«ዋናው መሐንዲስ ናቸው» አለ ሞቱማ። «አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ድልድዩ ብቻ ነው ያወራነው። ጠረጴዛቸው ላይ የወረቀቱ ብዛት! በመጨረሻ እዚሁ ላይ ጻፉና ‹ይዘኸው ሂድ› አሉኝ።»

የሺወርቅ አለቀሰች። ለሞቱማ ነው ብላ ጀመረችው፤ መሃል ላይ ግን ለዚያች ባሕር ዛፏን ለተነጠቀች ሴት፣ ለራሷም ለዘጠኙ ዓመት ሆነ። ሞቱማ አጠገቧ ቆመ።

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ገጹን እንደገና አየችው። ከማኅተሙ በታች ሁለት መስመር ባዶ ነበር። እጇ ወደ መኪናዋ፣ ወደ ሰረዙ ሄደ። ከዚያ መለሰችውና ወረቀቱን አጥፋ ለሞቱማ ሰጠችው።